የጠፉት አንድ ሺህ ስድስት መቶ ተከታዮች

ደሚቱ በተናደደች ቀን የማይጻፍ ነገር ትጽፋለች፤ ጠዋት ደግሞ ስልኳን እንደ ትኩስ ድንች ነው የምትይዘው። ማክሰኞ ዕለት በመስፊያ ቤቷ የፌስቡክ ገጽ ላይ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ሰርግ ከአራት ሚዜ በላይ አንሰፋም። ሚዜ ሠራዊት አይደለም።»

ያናደዳት ነገር ነበር። ጊዜው መጋቢት 2007 ነው፤ ሰርጎቹ ከፋሲካ በኋላ ናቸውና በጾሙ መሐል ሙሽሮች ልደታ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ያለችውን መስፊያ ቤቷን ያጨናንቃሉ። ሰኞ ዕለት ልትለካ የመጣች አንዲት ሚዜ፣ ለቀሚሱ ብላ የእቁብ ተራዋን ከሌላ ሰው ጋር መቀያየሯን እየሳቀች አወራቻት። ደሚቱ ግን ሳቅ አልመጣላትም።

ልጥፉ ሦስት መቶ አስተያየት አመጣ። ግማሹ «አፌ ቁርጥ ይበልልሽ»፣ ግማሹ «ቅናት ነው፣ አንቺ ሚዜ አልነበረሽም እንዴ» የሚል ነበር። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ የገጹ ተከታይ ከዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ወደ ስምንት ሺህ ወርዶ ተገኘ፣ እኩለ ቀን ላይ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ሆነ።

«ይኸው ሰው ሸሸኝ» አለች ደሚቱ። ልጥፉን አጥፍታ ይቅርታ ልትጠይቅ ወሰነች። የይቅርታውን ጽሑፍ እንኳ አዘጋጅታለች፤ ሦስት ጊዜ «ውድ ደንበኞቻችን» የሚል አለበት። ለአሥራ ሁለት ሚዜ ያዘዘችው ወርቅዬ የምትባል ሙሽራ ደግሞ ረቡዕ ደውላ ሥራውን ሰርዛለች። ይህ ለደሚቱ የመጨረሻው ማረጋገጫ ሆነ።

«እትዬ፣ ይቆዩ፣ አይለጥፉት» አለች ፋዮ። ፋዮ ጨርቅ ቆራጯ ናት፤ ገጹንም የምትይዘው እሷ ነች።

«ምን ልጠብቅ? ሰባት ሺህ እስኪደርስ?»

የሰርግ መጥሪያ የሚያትመው ጎረቤቷ ሙስጠፋ በሩ ላይ ቆሞ ሰማቸው። «የኔም ወርዷል» አለ፤ «ከዚህ ሳምንት ወዲህ ሦስት መቶ ጠፍቶብኛል። እኔ ደግሞ የለጠፍኩት አንድ ካርድ ብቻ ነው። በካርድ የሚጣላኝ ሰው አለ እንዴ?»

«አንተን የሸሹህ በጽሑፍህ ስህተት ይሆናል» አለችው ደሚቱ።

«ከሚዜ ጋር የተጣላ ሰው ምን ይናገራል።»

ፋዮ የሁለቱን ቀን መረጃ፣ የሰኞንና የሐሙስን፣ ከገጹ አውርዳ አንዱን ከሌላው ጎን ዘረጋችው። ተከታዮቹ በአገርና በከተማ ተዘርዝረዋል። ጣቷን በአንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

«ከጠፉት አንድ ሺህ ስድስት መቶ ውስጥ አንድ ሺህ አምስት መቶ አርባዎቹ ባንግላዴሽ ናቸው።»

ለደሚቱ ገጹን መጀመሪያ የከፈተላት ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ የነበረው ሰውዬ «ተከታይ አበዛልሻለሁ» ብሎ የተቀበላት ብር ትዝ አላት። ትዝ ባይላት ደስ ባላት ነበር።

«እነዚህ አማርኛ አያነቡም» አለች ፋዮ። «ፌስቡክ ባለቤት የሌላቸውን አካውንቶች እየጠረገ ነው ይባላል፤ የሙስጠፋም የዚያው ሳይሆን አይቀርም። ከልጥፉ ጋር የገጠመው ቀኑ ብቻ ነው።»

«ከአዲስ አበባስ?»

«ሠላሳ አምስት።»

«ስለዚህ ሠላሳ አምስት ሰው አስቀይሜያለሁ።»

«መረጃው ያንን አይናገርም። ማን እንደሄደ አያሳይም፤ ለምን እንደሄደም አይናገርም። አግብተው የጨረሱ ይሆናሉ፣ ስልካቸውን የቀየሩ ይሆናሉ። የተናደደው ደግሞ ላይሄድ ይችላል፤ ቆሞ ሊሳደብ ይችላል።» ትንሽ አሰበችና ልጥፉን ከፈተች። «ወርቅዬን ይዩአት። የሰረዘችው እሷ ናት፣ ግን ገጹን አልተወችም። ልጥፉንም ወድዳዋለች፤ ላይክ አድርጋለች።»

ደሚቱ መነጽሯን አድርጋ ስሙን አነበበች። ከዚያ ስልኳን አነሣችና ደወለች።

«የኔ እናት፣ ተቀይመሽኝ ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ ምን ብዬ?» አለች ወርቅዬ። «የጻፉት እውነት ነው። ግን አሥራ ሁለቱም የልብ ጓደኞቼ ናቸው፤ ስምንቱን ማን ነው ‹አትመጡም› የሚላቸው? እኔ አልችልም። ሌላ ሰፊ አገኘሁ።»

«እኔም ብሆን አልችልም» አለች ደሚቱ። ይህን ያለችው ከልቧ ነው።

«ስለዚህ ይሰፉልኛል?»

ደሚቱ የተንጠለጠለውን ሮዝ ጨርቅ አየች። ወርቅዬ አሥራ ሁለት ቀሚስ ነች፤ ሐሙስ ለጠፋው ሕዝብ ሁሉ ካሳ የምትሆን ናት።

«አይ፣ የኔ ልጅ። ሰፊሽ ጎበዝ ከሆነ በርቺ፤ ካልሆነ አራቱን ብቻ ይዘሽ ነይ።»

ስልኩን ዘጋች። ሙስጠፋ «ባንግላዴሽ ሸሽታ፣ ልደታም ልትሸሽ ነው» አለ።

ደሚቱ የይቅርታውን ጽሑፍ አጠፋችው፤ ልጥፉን አልነካችውም። ከዚያ ስለ ሠላሳ አምስቱ ሌላ ጥያቄ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፣ ፋዮ ግን መቀሱን አንሥታ ወደ ጨርቁ ዞራ ነበርና ተወችው።