ከዘጠና ቀን በላይ

ትሩፋት ጎፋ ባለ የብረት ማከፋፈያ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ማክሰኞ ዕለት አለቃዋ ወይዘሮ ውዳሴ፣ «እስከ ዓርብ ለአስመጪው ስምንት መቶ ሺህ ካልከፈልን ጭነቱን ለሌላ ይሰጠዋል። ከደንበኛ ሰብስቢ» ብለዋት ወጡ።

ትሩፋት የዱቤውን ሪፖርት አተመች። ሪፖርቱ ዕዳውን ሁሉ መክፈያው ባለፈበት ቀን ልክ በየዓምዱ ይደለድላል፦ ጊዜው ያልደረሰ፣ እስከ ሠላሳ ቀን፣ እስከ ስልሳ፣ እስከ ዘጠና፣ ከዚያ በላይ። እስከ ስልሳ በሚለው ውስጥ ለቡ ላይ ሆቴል የሚያሠራው ጆኒ ብቻውን ሚሊዮን ብር ይዞ ተጎልቷል። ድሮ ቀኑን የማያሳልፍ ሰው ነበር፤ አሁን ሦስት ክፍያ አከታትሎ አሳልፏል። በመጨረሻው ዓምድ ያለው የላፍቶው ተቋራጭ አቶ ደገፋ ብቻ ነው፤ ዘጠኝ ሺህ ብር።

ዓይን ላለው ሰው ቀድሞ የሚያዘው ጆኒ ነበር። ጆኒ ግን ስልክ ላይ ይጮኻል። አቶ ደገፋ «ልጄ» ይላል እንጂ አይጮኽም። ትሩፋት «ያረጀው ይቅደም» ብላ ራሷን አታለለችና ላፍቶ ሄደች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው።

አቶ ደገፋ ግቢው ውስጥ ሠራተኞቹን ሥራ እያከፋፈለ ነበር።

«ጋሼ ደገፋ፣ ከሦስት ወር በላይ! ዘጠኝ ሺህ ብር እንዴት ያቅትዎታል?»

ሠራተኞቹ ሁሉ ዞሩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አቶ ደገፋ ወደ ቢሮው ገባና አንድ ቅጂ ይዞ ወጣ። ከክፍያው ላይ ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባው የዘጠኝ ሺህ ብር ግብር ደረሰኝ ነው። «ዋናውን ለአንቺው ሰጥቻለሁ፣ ልጄ። ፊርማሽ አይደለም?»

ፊርማዋ ነው። ተቀብላ አልመዘገበችውም። ያልተመዘገበ ደረሰኝ ደግሞ ሂሳቡን ያልተከፈለ አስመስሎ ወር በወር ያስረጀዋል። ትሩፋት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በሰው ፊት ለማዋረድ ያልቸገራት ሴት፣ ይቅርታ ሳትል ቅጂውን መልሳለት ወጣች።

ቢሮ ተመልሳ ደረሰኙን ከመሳቢያዋ ሥር አገኘችው። መዘገበችው፤ የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ሆነ። ከዚያ ለጆኒ ደወለች። «ሚቀጥለው ሳምንት አልኩሽ!» ብሎ ጮኸባትና ዘጋው።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ደገፋ ራሱ መጣ። ጠረጴዛዋ ላይ የባንክ ማስገቢያ ወረቀት አኖረ፤ ባለፈው ሳምንት በዱቤ የወሰደው ብረት ሂሳብ፣ ከስምንት መቶ ሺህ ብር በላይ። የአስመጪው ጭነት ዳነ።

«ጋሼ፣ የዚህ መክፈያ ጊዜ እኮ ገና ነው!» አለች ትሩፋት።

«አውቃለሁ። ዳግመኛ ግቢዬ ድረስ እንዳትለፊ ብዬ ነው። ከእንግዲህ በዱቤ አልወስድም።»

የዚህኛውንም ክፍያ የግብር ደረሰኝ አወጣ፣ ከነቅጂው። እስክሪብቶውን በትህትና አቀበላት።

«በይ ልጄ፣ ፈርመሽ ተቀበይኝ» አለ፤ ፈርማ እስክትጨርስም እጇን ትክ ብሎ አየ።