ከመቶ ስንት?

ባሌን ያስጠረጠርኩት እኔው ነኝ። ሰው ሲያወራ ጋዜጣው ነው፣ ሰብሳቢው ነው ይላል። ውሸት! በገዛ አፌ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ፤ የኔዋን ወለምታ የሸቤ ቅቤ በሙሉ ቢፈስባትም አያሽራትም ነበር።

ያኔ በደርግ ጊዜ ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ ነበረብን። መቅረት የለም፤ የቀረ ስሙ ይያዛል። ከጅማ የሚመጣልን ጋዜጣ አንድ ብቻ ስለሆነ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። ሥርዓትም ነበረው። አንድ አንቀጽ ይነበባል፣ ሰብሳቢያችን ጓድ ዳባ ስለዚያ አንቀጽ ይጠይቃል፣ አንባቢው ይመልሳል፣ መልሱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ ነው ወደሚቀጥለው የሚታለፈው። ግን ማን ያልፋል? አንደኛው አንቀጽ ላይ ክርክር ይነሣና ሰዓቱ እዚያው ያልቃል።

አንባቢዋ እኔ ለጢፋ ነበርኩ። በመሠረተ ትምህርት ከሸቤ ሴቶች አንደኛ የወጣሁ! ወንዶቹ ፊደል ሲቆጥሩ እኔ መደመርና መቀነስ ጨርሼ ነበር። ትዕቢቴ ልክ አልነበረውም፣ አልዋሽም።

ያን ሰኞ የወጣው ዜና ስለኛው ስለ ፋና የገበሬዎች ማኅበርና ወንዝ ማዶ ስላለው ስለ ጎህ ማኅበር ነበር። ስማችን ጋዜጣ ላይ ወጣ ብዬ ደስ ብሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ፋና ማኅበር አምና ለመንግሥት የሚያቀርበውን ቡና በተመለከተ ዕቅዱን 120 በመቶ ያሳካ ሲሆን፣ ዘንድሮ ግን ያሳካው 90 በመቶ ብቻ ነው። በአንጻሩ ጎረቤቱ ጎህ ማኅበር ዘንድሮ ዕቅዱን 150 በመቶ አሳክቷል።»

ጓድ ዳባ እስክሪብቶውን አነሣ። «የፋና ቡና ካምናው በስንት ቀነሰ?»

ከመቶ ሃያ ላይ ዘጠና ሲቀነስ ለኔ ምን አላት? ሰው ጣቱን ሳያነሣ «በሠላሳ በመቶ!» አልኩ። አፌን በቆረጠው!

«ከመቶ ኩንታል ሠላሳው ጠፍቷል ማለት ነው» አለ ዳባ እየጻፈ። «ጎህ እንዲያ ሲትረፈረፍለት የኛ ቡና የት ገባ? ዝናቡ አንድ፣ ሰማዩ አንድ።»

ከዚያ አንድ በአንድ አንገቶች ወደ ኋላ ዞሩ። ኋላ በሩ አጠገብ የተቀመጠው የማኅበሩ መጋዘን ጠባቂ ሸምሰዲን ነው። ሸምሰዲን ባሌ ነው።

እዚያው ቁልፉን ተቀበሉት። ሐሙስ ከጅማ ተቆጣጣሪ እንደሚመጣና እስከዚያ ከሸቤ ንቅንቅ እንዳይል ነገሩት። በዚያን ዘመን ቡና አሸሸ የተባለ ሰው መኪና ላይ ሲጫን እንጂ ሲወርድ አላየንም። እኔም ያን ሁሉ ሰው አቋርጬ ከባሌ ጎን ቆምኩ። ቆምኩ ልበል እንጂ ዓይኑን አላየሁትም።

ለምን? እኔም ስለጠረጠርኩት ነዋ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለች ነው እናቴ ያሳደገችኝ። በዚያ ሰሞን ሸምሰዲን ቤት ሲገባ አይረጋጋም ነበር። ከነጋዴው ከአባቦራ ጋር ዛፍ ሥር ቆሞ ሲያንሾካሹክ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ምን አላችሁ ስለው «የሥራ ነገር ነው» ብሎኝ ዝም። አባቦራ ደግሞ በቅሎዎቹ የማይሄዱበት የጫካ መንገድ የለም። ሠላሳ በመቶ ስል ይኼ ሁሉ ተያያዘልኝ። አየሽ፣ ቁጥሩ እንኳ መሰከረበት አልኩ በልቤ።

ማክሰኞ እሱ መስጊድ ሲሄድ ቤቱን በረበርኩት። አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይ፣ ሳጥኑ ውስጥ። ምንም የለም። ሲመለስ ሳጥኑ ተከፍቶ አገኘው።

«ሸምሱ፣ ቁርኣን ይዘህ ወላሂ አልወሰድኩም በለኝ» አልኩት።

ብዙ አየኝ። «አንቺ ነሽ የምታስምዪኝ? ዳባ ያስምለኝ፣ የጅማው ሰውዬ ያስምለኝ። ላንቺ አልምልም።»

አልማለም። ይብስ ጠረጠርኩት። ንጹሕ ሰው መሐላ ምን ያስፈራዋል? ያ ረቢ፣ ስንት ዓይነት ሞኝነት አለ! በአንድ ጎጆ ሆድና ጀርባ ሆነን አደርን።

ረቡዕ ጠዋት ቀሚሴን ልጠግን ትልቁን መርፌ ሳነሣ ጣቴ ላይ ያለው ቁስል ጠዘጠዘኝ። የጆንያ ቁስል ነው። የተቀደደውን የማኅበሩን ጆንያ የምጠግነው እኔ ነኝ። አምና አርባ ጠግኜ አበቃሁ። ዘንድሮ ግን ሸምሰዲን «ማሎ ለጢፋ፣ ጆንያ አነሰን» እያለ እየለመነ ስልሳ አምጥቶ ጣቴን አስጨረሰኝ። ስሰድበው ነበር እኮ!

መርፌውን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ቡናው ከቀነሰ ጆንያ እንዴት ያንሰናል?

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ብርሃንነሽ ሮጥኩ። ብርሃንነሽ ከጎጃም ጅማ ኮሌጅ ለመማር መጥታ፣ ለኛ ለማስተማር ሸቤ የተመደበች ልጅ ናት፤ የተነበበው ጋዜጣ ለማስተማሪያ እሷ ዘንድ ይቀመጣል። የመጣሁበትን ነገርኳት። ጋዜጣውን ዘረጋችልኝና እንደ ተማሪነቴ ጊዜ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ዘጠና በመቶ የምን ነው?»

«የቡና ነዋ!»

«ጋዜጣው እንዲያ ይላል? በጣትሽ እየተከተልሽ አንብቢው።»

አነበብኩ። «ዕቅዱን ዘጠና በመቶ» ይላል። ቡናውን አይልም፣ ዕቅዱን ነው የሚለው።

«የአምናው ዕቅድና የዘንድሮው ዕቅድ እኩል መሆኑን ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገረኝም። ዳባ «በስንት ቀነሰ» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ መቀነሱን ሳልጠይቅ ስንቱን ብቻ መለስኩ። ብርሃንነሽ ጣቷን ወደ ታች አወረደች፤ ሰኞ ወዳላነበብነው ወደ ሁለተኛው አንቀጽ። እዚያች ጋ አራት መስመር ነበረች። አንብቤ ስጨርስ ጋዜጣውን ተውሼ ወጣሁ። ለሸምሰዲን ልነግረው ቤት ብመለስ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። አፈርኩና ሳልነግረው ቀረሁ።

ሐሙስ ሙሐመድሳኒ የሚባል ተቆጣጣሪ ከጅማ መጣ። ቀጭን፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ሰላምታ የሚቆጥብ ሰው። አዳራሹ ሞላ። ሸምሰዲን ፊት ለፊት ብቻውን አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ዳባ ቃለ ጉባኤውን ሊያነብ ሲነሣ ቀድሜው ተነሣሁ።

«ጋዜጣው አላለቀም፤ ሁለተኛው አንቀጽ ይነበብልኝ።»

«ወዳለፈው አንመለስም» አለ ዳባ። «ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል። መልሱም ያንቺው መልስ ነው።»

«የኔ ስለሆነ ነው የምመልሰው! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ሚስቱ አይደለች? ምን ትበል ታዲያ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ። ተቆጣጣሪው ግን እጁን ወደኔ ዘረጋ። «አንብቢ።»

«ፋና ማኅበር አምና ለማቅረብ ያቀደው 500 ኩንታል የነበረ ሲሆን፣ የዘንድሮው ዕቅድ ወደ 800 ኩንታል ከፍ ብሎለት ነበር። የጎህ ማኅበር የዘንድሮ ዕቅድ 100 ኩንታል ነው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ገባኝ፤ ቁጥሩን ሰምተዋል፣ ነገሩን አልሰሙም። እኔ ባሰላው ደግሞ የባሏን ነው የምታሰላው ይሉኛል። ስለዚህ ወደ ጀቤሳ ዞርኩ። ሽማግሌው ፊደል አይቆጥሩም፤ ግን በሸቤ ገበያ እሳቸውን በቁጥር ያታለለ አልተወለደም። ሸምሰዲንንም ሰኞ ከማንም በላይ ያፈጠጡበት እሳቸው ነበሩ።

«አባባ ጀቤሳ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ስምንት መቶ ውስጥ ስንት መቶ አለ?»

«ስምንት ነዋ፤ ምን ትቀልጅብኛለሽ?»

«ዘጠና በመቶ ማለት ከያንዳንዱ መቶ ዘጠና ገባ ማለት ነው። ስምንት ጊዜ ዘጠና?»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ሰባት መቶ ሃያ።»

«ይኼ የዘንድሮው ቡናችን ነው። አምና ዕቅዱ አምስት መቶ፤ ለያንዳንዱ መቶ መቶ ሃያ ገብቷል። አምስት ጊዜ መቶ ሃያ?»

«ስድስት...» አሉና አቆሙ። «ስድስት መቶ። ቆይ እስቲ፣ ቆይ! ዘንድሮ በመቶ ሃያ ኩንታል ጨምረናል እኮ!»

«ጨምረናል! ስድስት መቶ ላይ መቶ ሃያ፤ ለያንዳንዱ መቶ፣ ሃያ ሃያ ማለት ነው። ሃያ በመቶ አደገ እንጂ ሠላሳ በመቶ አልቀነሰም። ጎደለ የተባለውም ያላመረትነው ነው፤ ስምንት መቶ አምጡ ተባልን፣ ሰማንያው ጎደለ።»

«ያ የተመሰገነው ጎህስ?» አለ አንዱ።

«የመቶ ኩንታል መቶ ሃምሳ በመቶ ስንት ነው? መቶ ሃምሳ ኩንታል! ከኛ ሩብ እንኳ አይሞላም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሙሐመድሳኒ ግን ፊቱ አልተፈታም። «ጋዜጣ አይበቃኝም» አለና ከቦርሳው የጅማውን መጋዘን የመረከቢያ ወረቀት አወጣ። በእርሳስ እየተከተለ ድምሩ ላይ ደረሰ። ሰባት መቶ ሃያ። መነጽሩን አወለቀና ሸምሰዲንን አየው።

«ከነጋዴው ጋር ምን ነበራችሁ?»

«በቅሎ ልዋሰው ነው» አለ ሸምሰዲን። «ቡናው በዛ፣ መኪናው ዘገየ፣ መጋዘኑ ጢም አለ። ማኅበሩ ከነጋዴ በቅሎ ተዋሰ እንዳይባል ፈርቼ ነው በሹክሹክታ የጠየቅሁት።»

አባቦራም ከኋላ «ወላሂ እውነት ነው፤ እኔም ፈርቼ ከልክዬዋለሁ» አለ። ዳባ አጎንብሶ ቃለ ጉባኤው ላይ ሠላሳዋን በሁለት መስመር ሰረዛት። ቁልፉንም መለሰለት። አባባ ጀቤሳ ሸምሰዲንን ትከሻውን ይዘው «አፉ በለኝ ልጄ» አሉት፤ አፉ አላቸው።

ወደ ቤት ስንሄድ ሰኔ ነበርና መንገዱ ጭቃ ነው። ልቤ ፍንድቅ ብሏል። ባሌ ተርፏል፣ ሸቤ በሙሉ ስሜን እያነሣ ነው። ዳባ እንኳ «ሰኞም አንባቢ አንቺ ነሽ» ብሎኛል። እያወራሁ፣ እየሳቅሁ እሄዳለሁ። ሸምሰዲን ቁልፉን እጁ ውስጥ እያገላበጠ ከጎኔ ይራመዳል።

የቤታችን አጥር ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ለጢፋ፣ ጥያቄ መመለስ ትችያለሽ አይደል?»

«አሳምሬ!»

«ማክሰኞ ሳጥኑን ስትከፍቺ፣ ከመቶ ስንት አምነሽኝ ነበር?»

ስምንት መቶውን ያካፈልኩ፣ ሽማግሌ ያስቆጠርኩ ሴት፣ ጣቴ ላይ ያለውን የጆንያ ቁስል ማየት ጀመርኩ። መልስ እስክሰጠው ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ የአጥሩን በር ከፍቶ ቀድሞኝ ገባ።