ገበርና ቁልፍ ለብቻ

ሰፈርተኛው «ወይዘሮ ምናልባት» ይላታል። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ «ምናልባት ቢዘንብስ» ብላ የተሰጣ ልብስ ታስገባለች። በሩ ሲንኳኳ «ምናልባት ክፉ ወሬ ቢሆንስ» ብላ ልቧን በእጇ ይዛ ትከፍታለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ግን እንደ አፏ አይፈራም። መቀሷ ጨርቅ ላይ አንዴ ካረፈ ወደኋላ አይልም።

ባሕር ማዶ ያለችው ሴት ልጇ ልታገባ ነው። ቀሚሱን የሰፋችው እናትየዋ ራሷ ናት፤ ክረምቱን ሙሉ ዓይኗ እስኪቀላ ዶቃ ስትተክልበት ከርማለች። የቀረው ቀሚሱን ሳይጨማደድ ከሠርጉ በፊት ማድረስ ነው። ይዛው የምትሄድበትን የአውሮፕላን ትኬት ደግሞ ትንሹ ልጇ፣ በኤሌክትሪክ ሥራ ገና የተቀጠረው፣ «በመጀመሪያ ደሞዜ እኔ ነኝ የምቆርጥላት!» ብሎ ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ አውጇል። እሷም ለደንበኞቿ አውጃለች። ስጋቷ ብዙ ቢሆንም፣ ልጇን ማሞገስ ላይ «ምናልባት» የሚባል ነገር አታውቅም።

ደሞዙን የተቀበለ ዕለት ልጁ ስልኩን ይዞ እየሳቀ ገባ።

«እማ፣ አገኘሁልሽ! ደርሶ መልስ መቶ! ደሞዜ ሁለት መቶ፤ ግማሹ ይተርፋል።»

«መቶ?» አለች፣ መርፌውን ከአፏ አውጥታ። «በዚህ ዋጋ ቆሜ ነው እንዴ የምሄደው?»

«ኧረ ተቀምጠሽ!»

«እሺ ተቀመጥኩ እንበል። ቀሚሱስ የት ይቀመጣል?»

ልጁ ይህን አላየውም ነበር። ጣቱ «ክፈል» የሚለው ላይ ሊያርፍ ሲል እጁን ያዘችው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ነገ ትኬት ቢሮ ሄደን የሰው ዓይን እያየን እንጠይቃለን። ስልክ አፍ ቢኖረውም ጆሮ የለውም።»

በማግስቱ ትኬት ቢሮ ሲደርሱ፣ እናትየዋ ቀሚሱን በሻሽ እንደተጠቀለለ ክንዷ ላይ ተሸክማዋለች። «ምናልባት ቤት ውስጥ ሌባ ቢገባስ» ብላ ነው። ትኬት ሻጯ ቀና ብላ አየቻቸውና ፈገግ አለች።

«እናቴ፣ ሙሽራዋ እርስዎ ነዎት?»

«ዕድሜ ይስጥሽ፣ እኔስ አንዴ ይበቃኛል።»

ልጁ በስልኩ ያገኘውን ዋጋ አሳያት። ሻጯ አወቀችው። «ልክ ነው፣ እውነተኛ ዋጋ ነው። ግን ቀላሉ ትኬት ነው። እግርዎ ሥር ከሚገባ ትንሽ ቦርሳ ሌላ ምንም አይዝም።»

«ቀሚሱ እግሬ ሥር!» ወይዘሮ ምናልባት ጨርቁን አቀፈችው።

«ከራስጌ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሻንጣ ከፈለጉ ይከፈልበታል። ታች የሚጫነው ሻንጣም ይከፈልበታል። ታች ያለውን አሁን ካልከፈሉና አየር ማረፊያ ሄደው ከጠየቁ ደግሞ ዋጋው ይጨምራል። መቀመጫ መምረጥ ለብቻ፣ ምግብም ለብቻ ነው።»

«ካልመረጥኩስ?»

«ኮምፒዩተሩ የደረሰውን ይሰጥዎታል። ምናልባት መሀል።»

ያቺን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ደነገጠች። ሻጯ አንድ በአንድ መደመር ጀመረች። በአንድ ጉዞ ለራስጌው ሻንጣ አሥራ ስምንት፣ ለታችኛው ሠላሳ፣ ለመቀመጫ አሥራ ሁለት፣ ለምግብ አሥራ ሁለት። ይህ ሁሉ ለመሄጃ፤ ለመመለሻም እንደገና። የልጁ መቶ አድጎ አድጎ ሁለት መቶ አርባ አራት ሆነ።

«ሁሉን ያካተተው ትኬትስ?» አለ ልጁ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ሁለት መቶ ሃያ። ሁለቱም ሻንጣ፣ መቀመጫ፣ ምግብ ውስጡ ነው።»

ውዱ ረክሶ፣ ርካሹ ተወደደ። ግን ሁለቱም ከደሞዙ በላይ ሆኑ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እናቱ ቦርሳዋ ውስጥ ገንዘብ እንዳላት ያውቃል፤ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች። ያን ቦርሳ ብትከፍተው ግን የሚዘጋው የልጇ አፍ ነው። ለባልደረቦቹ ምን ሊላቸው?

«ቀሚሱን ለብሰሽው ብትገቢስ?» አለ፣ ሐዘኑን በቀልድ ሊሸፍን። «የለበሱት ልብስ አይከፈልበትም።»

«ዶቃው መቀመጫው ላይ እንዲረግፍ? አንተ ልጅ!»

ሻጯ ሳቀች። ወይዘሮ ምናልባት ግን አልሳቀችም፤ ማያ ገጹን ትኩር ብላ እያየች ነበር። ይህን ነገር የሆነ ቦታ ታውቀዋለች። የት ነው? ወዲያው ትዝ አላትና ፊቷ በራ። የራሷ ሱቅ በር ላይ ነዋ! «የኮት ስፌት» ብላ ዝቅ ያለውን ዋጋ ትጽፋለች፤ ደንበኛው ሲገባ «ገበርና ቁልፍ ለብቻ» ትለዋለች። የሚያጉረመርም ሲመጣ ሁሌም የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ለብርድ ነው ወይስ ለበጋ? ለብርድ ከሆነ ከነገበሩ ይሻለዋል። ለበጋ ከሆነ ገበሩን ለምን ይከፍላል?

«ልጄ፣» አለቻት ሻጯን፣ «ስሄድ ጭነት አለብኝ። ቀሚሱ አለ፣ የሙሽራዋ ስጦታ አለ፣ መድኃኒቴን ከምግብ ጋር ነው የምውጠው። ስመለስስ ምን አለኝ? ቀሚሱ ከሙሽራዋ ጋር ይቀራል፣ ስጦታው ይቀራል፣ ሻንጣውንም እዚያው ልተውላት እችላለሁ። ባዶ እጄን ነኝ። ታዲያ የመሄጃው ገበር ያለው፣ የመመለሻው ገበር የሌለው መሆን አይችልም?»

የሻጯ ጣቶች የኮምፒዩተሩ ቁልፎች ላይ ተንጫጩ።

«ሁሉም አየር መንገድ አይፈቅድም። ይሄ ግን መሄጃና መመለሻውን ለየብቻ ነው የሚሸጠው። ሁሉን ያካተተው ለመሄጃ መቶ አሥር፣ ቀላሉ ለመመለሻ አምሳ። መቶ ስድሳ!»

ልጁ ከወንበሩ ተነሣ። «ከደሞዜ አርባ ይተርፋል!»

«ቆይ፣ እማ» አለና መልሶ ተቀመጠ። «ስትመለሺስ? መቀመጫ አልመረጥሽም። ምናልባት መሀል ቢሰጡሽስ? ከጎንሽ ማን እንደሚቀመጥ ሳታውቂ? ምግብስ?»

አያችው። ዕድሜዋን ሙሉ የዘራችው ፍርሃት ከልጇ አፍ ሲበቅል ሰማችው። ለመጀመሪያ ጊዜም የሚታጨድበት ጊዜ እንደደረሰ ታወቃት።

«ዳቦ ይዤ እገባለሁ፤ ዳቦ አይከለከልም አይደል?»

«አይከለከልም» አለች ሻጯ።

«መድኃኒቴን በዳቦዬ እውጣለሁ። መሀል ከሰጡኝም መሀል እቀመጣለሁ። ቁረጥልኝ፣ የኔ ጌታ።»

ልጁ ገንዘቡን ከደረት ኪሱ አወጣ። ሻጯ ትኬቱን ስታቀብለው አልተቀበለም፤ «ለእሷ ስጪልኝ» አለ።

ቀሚሱ ከራስጌዋ ሆኖ በሰላም ሄደ። ሙሽራዋ ስትለብሰው አንዲት ዶቃ እንኳ አልጎደለችም። እናትየዋም በሠርጉ ላይ ስለ ቀሚሱ ሲያመሰግኗት «ትኬቱን እኮ ልጄ ነው የቆረጠው» ብላ ነበር የምትመልሰው።

ስትመለስ ኮምፒዩተሩ የሰጣት መቀመጫ፣ እንደተፈራው፣ መሀል ሆነ። በቀኟ ጢማም ጎልማሳ፣ በግራዋ ጆሮዋን በማዳመጫ የደፈነች ወጣት። ወይዘሮ ምናልባት ቀበቶዋን ሁለት ጊዜ አጥብቃ፣ ዳቦዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘች። አውሮፕላኑ ሲነሣ ጎልማሳው አያት።

«ፈሩ እንዴ እናቴ?»

«እፈራለሁ እንጂ! ግን ልንገርህ፣ ይህን ወንበር ማን እንደከፈለው ታውቃለህ?»

አያውቅም ነበር። አውሮፕላኑ መሬት ሳይነካ ግን እሱም፣ ጆሮዋን የገለጠችው ወጣትም፣ የዳቦው ግማሽ የደረሳቸው ከኋላ የተቀመጡ ባልና ሚስትም አወቁ።

አየር ማረፊያው መውጫ በር ላይ ልጇ ቆሞ ሲጠብቃት ከሩቅ አየችው። ጎልማሳውን በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ያውልህ» አለች። «ያ ነው።»