ለሁሉም የሚስማማው አንቀጽ

ወንፊት የሚለውን ቅጽል ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። የአፈር ሳይንስ መምህርት ስለሆነች ከቤተ ሙከራዋ ወንፊት አይጠፋም፤ ተማሪዎቹ ግን ያሰቡት ሌላ ነው፤ የእሷን ፈተና ሾልኮ የሚያልፍ የለም ማለታቸው ነበር። ስሙን ስትሰማ አልከፋትም። እንዲያውም ደስ ብሏት ሳምንቱን ሙሉ ለባሏ ስታወራለት ሰነበተች።

በየዓመቱ የውጭ አገር የድኅረ ምረቃ ነጻ የትምህርት ዕድል አመልካቾችን ከሚመርጡት ሦስት ሰዎች አንዷ እሷ ናት። ሰብሳቢው ጡረታ የተቃረበ ፕሮፌሰር ነው፤ ማንኛውም ነገር ቶሎ ስለሚያስደስተው በግቢው ውስጥ ሞቅታ ይሉታል። ሦስተኛው የሒሳብ መምህር ነው። ከመናገሩ በፊት መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ስለሚጠርግ፣ መነጽር ተብሎ ቀርቷል።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። የአመልካቾቹ ስም ተሸፍኖ ፋይሉ በቁጥር ይመጣል። ሦስቱም እያንዳንዱን የግል መግለጫ ለየብቻቸው ያነባሉ፤ ለስኬቱ፣ ለመነሻ ፍላጎቱ፣ ለወደፊት ዓላማውና ከፕሮግራሙ ጋር ላለው ግንኙነት ለየብቻ ከአሥር ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ ይገናኙና ነጥባቸው የተራራቀበትን ፋይል እያነሡ ይከራከራሉ።

የዚያን ዓመት ክርክር ያስነሣው አንድ ፋይል ነበር። ሞቅታ ገና ወንበሩን ሳይስብ ጀመረ።

“ባለ ዋንጫውን አያችሁት? በማዕረግ ተመርቋል! የክርክር ውድድር አሸንፏል! የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር! በቼዝ እንኳ ዋንጫ አለው። እኔ ነጥቤን ሳልሰስት ነው የሰጠሁት።”

“አይቻለሁ” አለች ወንፊት። “ለወደፊት ዓላማው ዘጠኝ ሰጥተውታል። እኔ ሁለት ነው የሰጠሁት።”

“ሁለት! ምነው ልጄ፣ ጠላትሽ ነው እንዴ?”

 ወንፊት ከፊቷ ካለው ክምር አንድ ወረቀት መዘዘች። “እሱን እንመለስበታለን፣ ፕሮፌሰር። መጀመሪያ ይኼ የመድኃኒት ቅመማ ሊማር የሚፈልገው ግራ አጋብቶኛል። የዓላማ አንቀጹን ላንብብልዎትና ይፍረዱኝ።” ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች፦

“ከልጅነቴ ጀምሮ ለዕውቀት ጥልቅ ፍቅር ነበረኝ። ይህ ዕድል ቢሰጠኝ በመድኃኒት ቅመማ የላቀ ዕውቀት ቀስሜ፣ ዘመኑ የሚጠይቀውን ክህሎት ጨብጬ፣ ለማኅበረሰቤ ዕድገት የበኩሌን አስተዋጽኦ ለማበርከት ቆርጬ ተነሥቻለሁ።”

ሞቅታ ከንፈሩን ጣለ። “ምን ማለት ነው ይኼ? ለምን መድኃኒት? የትኛው ችግር አንገብግቦት ነው? ተምሮ ሲመለስስ የት ገብቶ ምን ሊሠራ ነው? ‘ቆርጬ ተነሥቻለሁ’ ይላል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አያውቀውም። ሁለት ይበቃዋል። ሁለቱም ለእጅ ጽሑፉ ነው።”

“በኮምፒውተር ነው የተጻፈው” አለ መነጽር።

“እንግዲያው አንድ!”

ወንፊት ወረቀቱን አዙራ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ አንሸራተተችው። ሞቅታ የፋይሉን ቁጥር አየ። ቀና ብሎ እሷን አየ። ደግሞ ቁጥሩን አየ።

“ባለ ዋንጫው ነው” አለች። “እኔ ሳነብ የቀየርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‘በከርሰ ምድር ውሃ ጥናት’ የሚለውን ‘በመድኃኒት ቅመማ’ አልኩት። አንቀጹ አልተንገራገጨም። ‘በልብስ ስፌት’ ብለውም ይሞክሩት፤ ልክክ ይላል።”

መነጽር መነጽሩን አውልቆ ነበር፤ ሳቁ ስላሸነፈው ግን መነጽሩን መጥረጉ ቀርቶ በሸሚዙ ጫፍ እንባውን ጠረገ። ሞቅታ ጆሮው ድረስ ቀላ።

“አንቺ ወጥመድ ነሽ እንጂ ወንፊት አይደለሽም” አለ። ከዚያ የራሱ ሳቅ መጣበት። “እሺ፣ ተይዣለሁ። ዋንጫዎቹ ዓይኔን አጭበርብረውት የመጨረሻውን አንቀጽ በእነሱ ብርሃን ነው ያነበብኩት።” እስክሪብቶውን አንሥቶ ዘጠኙን ሰረዘና ሦስት ጻፈ። የስኬቱን ነጥብ ግን አልነካውም፤ እሱ የልጁ ሐቅ ነው።

ይሁን እንጂ ዝም ብሎ የሚሸነፍ ሰው አልነበረም። “ግን ንገሩኝ፤ ይህን ሁሉ የሠራ ልጅ ምክንያት የለውም? አልጻፈውም ማለት የለውም ማለት ነው?”

“እኛ የጻፈውን ነው የምናነበው፤ ያሰበውን አይደለም።”

መነጽር አሁን በወጉ ጠረገ። “በመመሪያው መሠረት የማለፊያ ነጥቡ ድንበር ላይ ያሉትን ለቃለ መጠይቅ መጥራት እንችላለን። የጽሑፉ ነጥብ ባለበት ይቆያል፤ የቃለ መጠይቁ ለብቻው ይያዛል። ይኼ ልጅ በድምሩ ድንበር ላይ ነው። ከሌሎቹ የድንበር አመልካቾች ጋር ይጠራ።”

ተጠራ። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፋ ያለ፣ ቁመተ ረጅም ወጣት ነው። በሞቅታ ግብዣ ተቀመጠና፣ ለምን ይህን ትምህርት እንደመረጠ ሲጠየቅ፣ አንቀጹን አንድም ቃል ሳያዛንፍ በቃሉ ወረደው። ሞቅታ ዓይኑን ጨፈነ።

“ቆይ” አለች ወንፊት። “ጨዋታ እንጫወት። ‘ዕውቀት’፣ ‘ክህሎት’፣ ‘አስተዋጽኦ’፣ ‘ዘርፍ’፤ እነዚህን ቃላት ሳትነካ ንገረኝ። ዋንጫም አይፈቀድም።”

  ወጣቱ ላቡን ከግንባሩ ጠረገ። ሞቅታ በአዘኔታ ውሃ ቀዳለት።

“አጎቴ ጉድጓድ ያስቆፍራል” አለ ወጣቱ በመጨረሻ፣ እንደሚናዘዝ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ማለቴ... በራሱ ግምት። እዚህ ጋ ውሃ ይሸተኛል ይላል። የመጀመሪያው ደረቅ ሆነ። ሁለተኛውም ደረቅ። ሦስተኛው ውሃ ወጣለት፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ሊያስቀምሳቸው ሲል፣ ጨው! የቀመሰው ሁሉ እየተፋ ሄደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና በሰው ፊት፣ ‘አንተ እንግዲህ ተምረሃል፤ ጨው ያልሆነው የት ነው?’ አለኝ። አላውቅም።”

“አታውቅም?” አለች ወንፊት፤ ወደ ፊት ዘንበል ብላለች።

“አላውቅም። የኤሌክትሪክ መለኪያ ከዩኒቨርሲቲ ተውሼ ሞከርኩ። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይለቀቅና ምድሩ ምን ያህል እንደሚያሳልፈው ይለካል። ጨዋማ ውሃ በቀላሉ ያሳልፋል። ችግሩ ግን፣ ሸክላ አፈርም ያሳልፋል። መሣሪያው ላይ ሁለቱ መንትያ ነው የሚመስሉት። እኛ ሰፈር ደግሞ ሁለቱም አሉ። እዚያ የማመለክትበት ክፍል ውስጥ ይህን የሚለይ ዘዴ የሚሠራ ቡድን አለ። ያንን ተምሬ፣ ሰው ገንዘቡን ጉድጓድ ውስጥ ከመድፋቱ በፊት የጨዋማውን ውሃ ወሰን የሚያሳይ ካርታ መሥራት እፈልጋለሁ። ለአካባቢያችን ውሃ ቢሮ። ካርታው የላቸውም፤ ጠይቄያቸዋለሁ።”



“ታዲያ ይኼ የት ነበር?” አለ ሞቅታ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ። “ለምን አልጻፍከውም?”

“ጽፌው ነበር። እህቴ አወጣችው። ጠበቃ ናት። ‘የአጎታችንን ጉድ ለባለሥልጣን ትጽፋለህ? ጨዋ ሰው ያለውን ነው የሚያሳየው’ አለችኝ።”

ወጣቱ ሲወጣ ሞቅታ ብድግ አለ። “በቃ! ለእሱ ነው የምንሰጠው። አንቺስ፣ ልብሽ አልራራም?”

“ራርቷል። የጽሑፉ ነጥብ ግን አይነካም። የጽሑፉ ነጥብ አንሶት ጭራሽ ያልጠራነው ስንት ነው? እነሱም እኮ አጎት አላቸው።”

ሞቅታ ተቀመጠ። ለቃለ መጠይቁ ሦስቱም ከፍተኛ ነጥብ ሰጡት፤ ተደምሮ ግን ከሁለት አመልካቾች በታች ወደቀ። ዕድሉ የነበረው ለሁለት ሰው ነው። ተጠባባቂ ተባለ፤ ከሁለቱም የቀረ ስላልነበረ ተጠባባቂ እንደሆነ ቀረ። ከውጤቱ ጋር የሚላከውን አስተያየት የጻፈችው ወንፊት ናት፦ “ምን እንደሠሩ ነግረውናል። ለምን እንደሚሄዱና ሲመለሱ ምን እንደሚሠሩ አልነገሩንም። በቃለ መጠይቁ የነገሩንን ይጻፉት።”

በሳምንቱ እህትየው መጣች። በሩን አንኳኩታ መልስ ሳትጠብቅ ገባች፤ አስተያየቱን በእጇ ጨብጣለች።

“ይህን ለወንድሜ የጻፉት እርስዎ ነዎት?”

“ይቀመጡ። ስለ ውሳኔው ከቤተሰብ ጋር መነጋገር አይፈቀድልኝም።”

“ስለ ውሳኔው አልመጣሁም። ስለ መግለጫው አጻጻፍ ነው። ያረምኩት እኔ ነኝ! አንዲት የፊደል ግድፈት አለችው?”

“የለችውም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ፍርድ ቤት ሲቆሙ፣ ደንበኛዎ ለምን እንደከሰሰና ምን እንዲፈረድለት እንደሚፈልግ ትተው፣ ዲፕሎማውን ብቻ ለዳኛው ያነቡለታል?”

 እህትየውን ሙያዋ ከዳት።

“ዳኛው ያባርረኛል” አለች ቀስ ብላ።

“እኛም እንደዚያው።”

እህትየው አልተቀመጠችም፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞር ብላ፣ “አጎታችን ሲሰማ ‘የእኔን ስም ሰርዘሽ ነው ልጁን የጣልሽው’ ብሎ አኩርፎኛል” አለችና፣ ሳቋን ለመደበቅ ይመስላል፣ በሩን ከሚገባው በላይ በኃይል ዘጋችው።

በዓመቱ አዳዲስ ፋይሎች መጡ። ስሙ እንደ ደንቡ ተሸፍኗል፤ ግን አንደኛው መግለጫ፣ “አጎቴ ሦስት ጉድጓድ አስቆፍሯል፤ ሁለቱ ደረቅ ናቸው፣ አንዱ ጨው ነው” ብሎ ሲጀምር ሦስቱም ማን እንደሆነ ዐወቁ። መነጽር ማወቃቸው ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር አለ፤ ሰፈረ። ለየብቻ ነጥብ ሰጥተው ተገናኙ። ለመነሻ ፍላጎትና ለዓላማ ከሦስቱ አንድም ከዘጠኝ በታች የሰጠ የለም። ሞቅታ ግን ፊቱ ጠቁሯል።

“ዋንጫዎቹስ?” አለ። “የክርክሩስ? የማኅበሩስ? አንዱንም አልጻፈውም! በማዕረግ መመረቁን ያወቅሁት ከተያያዘው የውጤት ማስረጃ ነው።”

“ፈርቶ ነዋ” አለች ወንፊት። “ወደ ሌላኛው ጥግ ዘለለ።”

“እንግዲያው ለስኬቱ ስንት ሰጠሽው?”

“ለውጤቱ የሚገባውን። ለቀረው ምንም። ያልጻፈውን አላነብም።”

“እኔ ግን አምና አንብቤዋለሁ!”

“የአምናው የአምና ነው፣ ፕሮፌሰር” አለ መነጽር፣ ሳይጠርግ።

ሆኖም በቂ ነበር። ልጁ አንደኛ ወጣ። ስልክ የመደወሉ ተራ የወንፊት ስለነበር ደወለች፤ በወዲያኛው ጫፍ የዕቃ ኳኳታና የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

“አልፈሃል” አለችው።

 ከሩቅ የእህቱ ጩኸት መጣ፤ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ አንድ ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ ሁሉንም ሸፈነ።

“ጎሽ የኔ ልጅ! በል እንግዲህ ንገረኝ፤ ቆፋሪዎቹ ነገ ይመጣሉ፤ የት ጋ ላስጀምራቸው?”

“ኧረ አጎቴ!” አለ ወጣቱ፣ ስልኩን ጨርሶ ረስቶ። “ገና እኮ አልሄድኩም!”