ያልተመሰከረላት ሥራ

የልጅ ልጄ ዳናይት ናይሮቢ በአንድ ክሊኒክ ለላቦራቶሪ ሥራ ቃለ መጠይቅ ገባች። ጠያቂው ዲግሪዋን አገላብጦ፣ «ኮሌጁን አላውቀውም። በጦርነቱ ሁለት ዓመት ሠራሁ ያልሽውንስ በምን ልመን?» አላት።

አራት ዓመት መማሯን፣ መድኃኒቱና ዕቃው ሲጠፋ ወባን በማይክሮስኮፕ ብቻ ስትለይ መክረሟን አስረዳችው። «ደመወዝ ስላልነበረ የደመወዝ ማስረጃ የለኝም። ኃላፊዬ ትመስክርልኝ» አለች።

ኃላፊዋ ፍሬወይኒ የክርስትና እናቷ ናት። ዳናይት ክሊራንስ ሳትጨርስ ስለሄደች መሥሪያ ቤቱ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከልክሏታል። «ሂጂ፣ ሲደውሉ እኔ እነግራቸዋለሁ» ብላ የሸኘቻት ይህችው ፍሬወይኒ ነበረች።

ሰውየው እዚያው ደወለ። ፍሬወይኒ «ያን ጊዜ መሥራቷን አላስታውስም» አለችው። ዳናይት በጆሮዋ ሰማች፤ ሥራውም ቀረ።

በማግስቱ እዚሁ ከተማችን፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ፍሬወይኒ ቤት ድረስ ሄድኩባት።

«ሐቁን መናገር እንዴት አቃተሽ?»

«አደይ፣ መሥሪያ ቤቱ ያለ ክሊራንስ ማን ለቀቃት ብሎ ቢይዘኝስ? ለሥራዬ ፈራሁ።»

«ማን ይይዝሻል? የናይሮቢው ሰውዬ?»

እጆቿን አየኋቸው። ዳናይትን በክርስትናዋ ቀን ያቀፈቻት በነዚያ እጆች ነው።

ዳናይት ከጠዋት ጀምሮ ትደውልልኛለች። «ምን አለችሽ?» ብትለኝ «ለሥራዋ ፈርታ ነው» ማለት ስለከበደኝ እስካሁን አላነሳሁም።