የተፈታ ሹሩባ

አስዋቢዋ ይሏታል፤ በስሟ የሚጠራት ከጠፋ ቆይቷል። ከፎቶ ቤቱ ጓዳ፣ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ የሰው ብጉር ስታጠፋ፣ የተጨማደደ ኮት ስታቃና፣ ለጸጉር ቤቶች ማስታወቂያ ጸጉር ስትነሰንስ ነው የምትውለው። እውነት ለመናገር በጸጉር የሚስተካከላት የለም። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ጉድ የሠራትም ማወቋ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣ ገባች።

«ልጄ ከትናንት ጀምሮ የለችም» አለች። «አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ለፖሊስ አመልክቻለሁ። ፎቶዋን ልንለጥፍ ነው፤ ግን ያለኝ ይሄ ብቻ ነው፣ እዚህ ላይ ደግሞ ሹሩባ ናት። ትናንት ጠዋት ፈታችው። ጠብቆ አመመኝ ብላ ነው፤ እኔ ግን አክስትሽ ቀኑን ሙሉ የለፋችበትን ብዬ ጮህኩባት። ከዓይኔ ጥፊ አልኳት! በዚህ አፌ! ከሥራ ስመለስ የለችም። ሰው ሹሩባ ያላት ልጅ እየፈለገ እንዳያልፋት ፍቺልኝ፤ በናትሽ ጸጉሯን ፍቺልኝ።»

አስዋቢዋ «አይዞሽ እህቴ፣ ቁጭ በይ» አለችና ወደ ሥራዋ ገባች።

ሥራው እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ሹሩባ ሲነሳ ከሥሩ የተሸፈነው ሁሉ ይጎድላል። መጀመሪያ በልጅቷ ትከሻ ላይ የወረዱትን ጉንጉኖች አጥፍታ፣ አንገቷንና የሹራቧን ኮሌታ ከአጠገቡ እየቀዳች ሞላች። ቀጥሎ ከጸጉር ቤት ፎቶዎቿ መሐል ሉል ሉል ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቅልል ጸጉር መረጠች። በልጅቷ ፎቶ ላይ ብርሃኑ ከግራ ነው፤ በመረጠችው ላይ ከቀኝ። ስለዚህ ጸጉሩን ገለበጠችው። በጉንጉኖቹ መሐል የሚያብረቀርቀውን የራስ ቆዳ አጠቆረች፤ ድፍን ጥቁር ካደረጉት ቆብ ስለሚመስል፣ ከገዛ ቆዳዋ ቡናማ ቀድታ፣ ጠርዙን አለስልሳ። ጸጉር ሲፈታ ከራስ ላይ ከፍ ይላል፤ አናቷን ሁለት ጣት ያህል አስነሳችላት። ርዝመቱንስ? ሹሩባው ደረቷ ድረስ ነበር፤ የተጠቀለለ ጸጉር ሰብሰብ ይላል ብላ ትከሻዋ ላይ አቆመችው። አንድ ጥያቄ ብትጠይቅ ምን ነበረበት? አልጠየቀችም።

እናትየው ምስሉ ሲመጣ ጸጉሩን መች አየች! ዓይኗ ፊቷ ላይ ነበር። ስክሪኑን ሳመችው። «እሷ ናት፣ ልጄ ናት፣ ቶሎ አትሚልኝ» አለች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ስልሳ ወረቀት ከሰዓት በፊት ግድግዳ ለግድግዳ ተለጠፈ። እስከ ማታ ማንም አልደወለም።

ረቡዕ ጠዋት ፎቶ ቤቱ ገና ሲከፈት፣ አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ከግድግዳ የገነጠለችውን ወረቀት እያውለበለበች ገባች። እናትየው ከኋላዋ ነበረች፣ ዓይኗ አብጦ።

«ይሄን የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አለች ባለሻሿ። «አክስቷ ነኝ፤ ሹሩባውንም የሠራኋት እኔ ነኝ። ይቺ ማናት?»

«የጠፋችው ልጅ ናታ» አለች አስዋቢዋ።

«ኤዲያ! የወንድሜ ልጅ ጸጉር እዚህ ነው» ብላ ጣቷን ጆሮዋ ጫፍ ላይ አሳረፈች። «ያ ሁሉ ርዝመት ሰው ሠራሽ ጸጉር ነው፤ በእጄ ነው የቀጠልኩት። ፈትታ ስትጥለው የሚቀረው የራሷ ነው። ደግሞስ ማን ነው ጸጉሯን በዚህ በኩል የከፈለላት? ልጅቷ ከግራ ቅንድቧ በላይ ነው የምትከፈለው፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ። አንቺ በቀኝ አደረግሽው!»

አስዋቢዋ ቆሌዋ ተገፈፈ። ጸጉሩን ስትገለብጥ መከፈያው አብሮ መገልበጡን አላስተዋለችም። አንድ ቀን ሙሉ ከተማው የሌለች ልጅ ሲፈልግ ዋለ ማለት ነው።

«ንገሪኝ» አለች፣ ወንበሯን እየሳበች። «አሁን የተፈታ ጸጉሯ ምን ይመስላል? አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

«ሥሩ ላይ ተኝቷል፣ ጫፉ ላይ ተጨማትሯል። ወደ ላይ አይነሳም፣ ወደ ጎን ነው የሚያብጠው። የሹሩባው መስመር ለሁለት ለሦስት ቀን አይጠፋም። ግንባሯ ጥግ ላይ ደግሞ ሳስቷል፤ አጥብቄባት ነው።»

አስዋቢዋ የፎቶዎቿን ማኅደር ከፍታ ዘጋችው። ከዚያ ሁሉ የጸጉር ቤት ውበት መሐል እንዲህ ያለ ጸጉር አንድም የለም። የአክስቲቱን ሻሽ ተመለከተች። «ከሥሩ ሹሩባ ነሽ እንዴ? በቅጥያ?»

«በራሴ ጸጉር።»

«ፍቺልኝ። እዚህ መስኮት ጋ፣ ብርሃኑ በግራሽ ይሁን።»

ሴትየዋ ሁለቴ አላሰበችም። እናትየውም ከኋላ ሆና ስትፈታ፣ አራት እጅ በአንድ ራስ ላይ ተሯሯጠ። አስዋቢዋ በካሜራዋ ከፊት አነሳቻት፣ ከጎን አነሳቻት፣ መከፈያውን ቀርባ አነሳችው። ከዚያ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ የአክስትየዋን ጸጉር በልጅቷ ፎቶ ላይ ተከለችው። ርዝመቱን ጆሮ ጫፍ ላይ ቆረጠች፤ አናቱን አወረደች፤ ጎኑን አሳበጠች። መከፈያውን ከግራ ቅንድብ በላይ አስይዛ፣ የራስ ቆዳው በስሱ እንዲታይ ተወችው፤ ከሥሩ የሚነሱትን ጭረቶች አንድ በአንድ ጫረች። የሹሩባውን መስመር ፈዘዝ አድርጋ መለሰችው። ግንባሯ ጥግ ስትደርስ እጇ በልማድ ሊሞላው ሄደ። «ተይው!» አለች አክስትየዋ። ተወችው።

እናትየው አየችውና በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። «ወይኔ ልጄን! ከትናንት ወዲያ ጠዋት በር ላይ የቆመችው ይቺ ናት።»

እኩለ ቀን ላይ ተለጠፈ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የእናትየው ስልክ ጮኸ፤ የአውቶቡስ መናኸሪያ ቲኬት ቆራጭ ናት።

«ይቺ ልጅ እኮ እዚህ ናት! ትናንትም ነበረች፣ ከመንገደኛ ሴቶች ጋር አድራለች። የትናንቱንም ወረቀት መስኮቴ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ፤ ከሥሩ ቁጭ ብላ እያየኋት ሌላ ልጅ መሰለችኝ። ኑ፣ ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቅልም።»

ሦስቱም በአንድ ታክሲ ሄዱ። አስዋቢዋን የጠራት አልነበረም፤ መቅረት ግን አልቻለችም። እናትየው ልጇን ስታይ እንዴት እንደሮጠች፣ እንዴት እንደወደቀች አይጠየቅ። «ማሪኝ፣ ማሪኝ» እያለች የልጅቷን ጸጉር፣ በእንቅልፍ የተጣመመውን፣ ደጋግማ ሳመችው። አክስትየዋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ለቅሶው ጋብ ሲል ልጅቷ መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ወደተለጠፉት ሁለት ወረቀቶች በአገጯ ጠቆመች።

«ረጅሙን ትናንት አየሁት» አለች ዝቅ ብላ። «ልመለስ ተነስቼ ነበር። ስሜን አነበብኩ፣ ፊቴን አየሁ። ጸጉሬን ሳይ ግን፣ እማዬ የምትወደኝ እንዲህ ስሆን ነው ማለት ነው አልኩ። እንዲህ መሆን አልችልም። መልሼ ተቀመጥኩ።»

አስዋቢዋ ወደ ፊት ወጣች።

«እናትሽ አይደለችም» አለች። «እኔ ነኝ የሠራሁት። እሷ ፊትሽን ብቻ ነው ያየችው፤ ስክሪኔን ስማዋለች።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። «ለምን ረጅም አደረግሽው?»

ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ቅጥያው፣ ስለ ጥድፊያው የምታወራው ነበራት። ሁሉንም ተወችው።

«ሳልጠይቅ ነው የኔ ልጅ» አለች። «እንደዚያ ስታምሪ የምትገኚ መስሎኝ።»