አራት ካርታ፣ ስድስት ጥንድ

በካርታ መጫወቻ ቤት የማታ ፈረቃ የያዘች እናት ከእሑድ በቀር ልጇን የምታያት ተኝታ ነው። ይህቺ እናት ካርታ አዳይ ናት፤ አምስት ዓመት ሙሉ ለተጫዋቾች ካርታ ስታድል፣ አምስት ዓመት ሙሉ የልጇን ብርድ ልብስ ስታስተካክል ኖራለች። ሥራዋን ትወደዋለች፤ እጇ ፈጣን ነው፣ ተጫዋቾችም ያከብሯታል። ግን ልጅቷ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ማታ ማታ ምን እንደምታወራም እናትየው የምትሰማው ከባሏ አፍ ነው። ይሄ አንጀቷን ይበላት ነበር።

የቀን ፈረቃ ያለው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ ኦማሃ የሚባለው ጨዋታ ያለበት። እሷ የምታድለው ሁለት ካርታ በእጅ የሚያዝበትን ነው። በኦማሃ ግን ለእያንዳንዱ ሰው አራት ካርታ ይሰጠዋል፣ መሐል ላይ አምስት ይገለጣሉ፣ ተጫዋቹም ከእጁ ሁለት፣ ከመሐል ሦስት አድርጎ አምስት ይሠራል። ከእጅ ሁለት ብቻ፤ አንድም አይሆንም፣ ሦስትም አይሆንም።

ባለፈው ወር ተፈትና የወደቀችው በዚሁ ነው። መሐል ላይ የልብ ምልክት ያለባቸው አራት ካርታዎች ተገለጡ፣ አንዱ ተጫዋች በእጁ አንድ ልብ ብቻ ይዞ «ፍላሽ» አለ፤ አምስቱም ልብ ማለቱ ነው። በሁለት ካርታው ጨዋታ ከእጅ አንድ ብቻ መጠቀም ስለሚቻል ልክ ነበር፤ በኦማሃ ግን ከእጁ ሁለት ልብ ያስፈልገው ነበር። እጇ ቀደማትና ማሸነፊያውን ገንዘብ ወደሱ ገፋችለት። ፈታኙ አለቃ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከኋላው «መነጽሮ» የሚለው ሰውዬ፣ ወረቀቱ ላይ ጭረት አደረገና «አንድ ዕድል ነው የቀረሽ» አላት። ሁለተኛ ከወደቀች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ካርታ ነክቶ አያውቅም። እሑድ ከሰዓት አራት የክር ጥቅልል መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ደረደረ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ነጭ።

«በይ ጢኒጥዬ፣» አላት ልጁን፣ «ከነዚህ ሁለት ሁለት ክር እየመረጥን ስንት ዓይነት ሸሚዝ እንሰፋለን?»

ልጅቷ ምላሷን አውጥታ ቆጠረች። ቀይ ከሰማያዊ፣ ቀይ ከጥቁር፣ ቀይ ከነጭ፣ ሰማያዊ ከጥቁር፣ ሰማያዊ ከነጭ፣ ጥቁር ከነጭ። «ስድስት!»

አጠገባቸው ቁልፍ የምትተክለው እናት መርፌዋን እንደያዘች ቀረች። ሁለት ካርታ የያዘ ሰው አንድ ጥንድ ብቻ አለው፤ አራት የያዘ ግን ስድስት። ስድስት ሰው ከተቀመጠ ጠረጴዛው ላይ ሠላሳ ስድስት ጥንድ አለ ማለት ነው። ጥንዶቹ ካርታ ስለሚጋሩ ከሠላሳ ስድስት ሰው እኩል ባይሆኑም፣ አንዱ ዘንድ ጠንካራ ነገር የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። በሁለት ካርታው ጨዋታ ሰው የሚፎክርበት ካርታ እዚህ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ለካ ለዚህ ነው። አሸናፊውን አገኘሁት ብሎ ዓይንን ማሳረፍ አይቻልም፤ ሌላው ሰው ዘንድ ገና ስድስት ጥንድ ተቀምጧል።

«አንተ ሰውዬ፣ ከኔ ቀድመህ እንዳትቀጠር» አለችው። ባሏ ሳቀ። ሳምንቱን ሙሉ ጣቷን እያሠራች ሰነበተች፤ ከእጅ ሁለት ወደ ላይ ገፋ፣ ከመሐል ሦስት ወደ ታች ሳብ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት አዳራሹ ባዶ ነበር። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፣ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ወለሉ ገና አልደረቀም። መነጽሮ ለተጫዋችነት የጎተታቸው ያገኛቸውን ነው፤ መጠጥ ቀጂውን፣ ዘበኛውንና የጽዳት ሠራተኛዋን እትዬን። እትዬ መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ «እኔ እኮ ካርታ አላውቅም፣ ልጄ» እያሉ ተቀመጡ።

«ማወቅ አያስፈልግም፣ ሲሉዎት መግለጥ ብቻ ነው» አላቸው መነጽሮ። ካርታውን ለአዳይዋ አቀበላት። «እኔ አሰናድቼዋለሁ፤ ሳትበውዢ አድዪ።»

አደለች። መሐል ላይ የልብ ንጉሥ፣ የልብ ዘጠኝ፣ የልብ አራት፣ የልብ ሁለት፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር ዘጠኝ ተገለጡ። አራት ልብ። ያችው የባለፈው ወር ወጥመድ ናት።

መጠጥ ቀጂው ለዚች ቀን የተወለደ ይመስል ትልቁን ካርታ፣ የልብ አሱን፣ ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «ፍላሽ! ከዚህ በላይ ካለ ይምጣ!» የቀሩት ሦስት ካርታዎቹ ጥቁር ነበሩ፤ ንጉሥ፣ ንግሥትና ወጣት። የአዳይዋ ቀኝ እጅ ወደሱ ተነሳ፤ መንገድ ላይ ያዘችው።

«ከእጅህ ሁለት ነው የምትጠቀመው። ልብህ አንድ ነው» አለችው። ሁለት ካርታዎቹን ገፋች፣ ከመሐል ሦስት ሳበች። «ሁለት ንጉሥና ሁለት ዘጠኝ ነው ያለህ።»

ዘበኛው ትንንሾቹን የልብ ሰባትና የልብ ስድስት ገለጠ። ከመሐሉ ንጉሥ፣ ዘጠኝና አራት ጋር አምስት ልብ ሞላ። ይሄ እውነተኛ ፍላሽ ነው። መነጽሮ ወረቀቱን እያየ እስክሪብቶውን አነሳ፤ ፊቱም በራ። እዚህ ላይ ካቆመች አልፋለች።

ግን እትዬ አራት ካርታቸውን ከፍተው፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ስድስት ጥንድ፣ አለች በሆዷ። ስምንትና ወጣት፣ ምንም። ስምንትና አራት፣ ምንም ያህል አይደለም። ሁለቱ ጥቁር አራቶች ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ገፋቻቸው። ከመሐል የልብ አራትንና ሁለቱን ዘጠኞች ሳበች።

«ሦስት አራት፣ ሁለት ዘጠኝ። ፉል ነው፤ ፍላሽን ይበልጣል። እትዬ አሸንፈዋል።»

መነጽሮ ራሱን ነቀነቀ። «አይደለም። መልሱ ዘበኛው ነው። ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

እሺ ብላ ማሸነፊያውን ወደ ዘበኛው ብትገፋው ወረቀቱ ይስማማታል፣ የቀን ፈረቃውም የሷ ይሆናል። ልጇን አሰበች። ግን ካርታዎቹ እፊቷ ናቸው፣ ነገ ተጫዋቾች ፊት የምትቀመጠውም እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን ይተዉትና ጣቴን ይዩ» አለች። በየካርታው ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ከእጅ ሁለት። ከመሐል ሦስት።»

መነጽሮ ጎንበስ አለ። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ። ካርታዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ።

«የመጠጥ ቀጂውንና የዘበኛውን ካርታ ብቻ ነው ያሰናዳሁት» አለ በመጨረሻ። «የእትዬን እንደመጣ ተውኩት። ማን ያየዋል ብዬ።»

«እሳቸውም ስድስት ጥንድ አላቸው፣ ጋሼ።»

«አላቸው።» የራሱን መልስ ሰረዘ። ከታች ስሟን ጻፈና ፈረመበት። «ሃያ ዓመት በዚህ ቤት ሠርቼ፣ በራሴ ፈተና ወደቅኩ። ሰኞ ጠዋት ነይ።»

«እኔ ምን አደረግኩ?» አሉ እትዬ ግራ ገብቷቸው።

«አሸነፉ፣ እትዬ» አላቸው መጠጥ ቀጂው። «እኔን ድምጥማጤን አጠፉኝ።» እትዬ በደስታ አጨበጨቡና ወደ መጥረጊያቸው ሄዱ።

ሰኞ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ የቤቷን በር ከፈተች። የስፌት መኪናው ኳ ኳ ይላል፣ ልጅቷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የቤት ሥራ ትሠራለች። ቀና ብላ እናቷን አየቻት፣ ከዚያ መስኮቱን አየች፣ እንደገና እናቷን።

«እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም የኔ ልጅ። ሥራ ጨርሼ ነው።»

ልጅቷ እርሳሷን አስቀመጠች። «ነገስ?»

«ነገም» አለችና ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ አጠገቧ ተቀመጠች።